ያረጀ አክሲዮን ላይ የተሸጠ ኮል ሲያመልጥ፦ ችግርና መፍትሄ

እዚህ ቨርጂኒያ አርብ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ከጠራ፣ ሳላነሳው ጉዳዩን እገምታለሁ። አንድ ሰው ለዓመታት የያዘው አክሲዮን ላይ ከቨርድ ኮል ሸጧል፣ ማለትም አክሲዮኑን በተወሰነ ዋጋ እስከ ተወሰነ ቀን የመግዛት መብት ለሌላ ሰው ሸጧል። የአክሲዮኑ ዋጋ ስትራይኩን፣ ያን የተስማሙበትን ዋጋ፣ አልፎ ሄዷል። ኮንትራቱ ዛሬ ያበቃል።

ለአንድ ኮንትራት መቶ አክሲዮን እንደሚያስፈልግና ብሮከሩ የኦፕሽን ፈቃድ መስጠት እንዳለበት ታውቃላችሁ ብዬ ልለፈው። አዲስ ለሆነ ሰው ነገሩን የማስረዳው በቀብድ ነው። ቤትህን በዚህ ዋጋ እስከዚህ ቀን እሸጣለሁ ብለህ ቀብድ ተቀበልክ እንበል። ገበያው ካልጨመረ ገዢው ይቀራል፣ ቀብዱ ያንተ ነው። ከጨመረ ግን ይመጣል፣ በተስማማችሁበት ዋጋ ይወስዳል። ፕሪሚየም ማለት ይሄ ቀብድ ነው። ልዩነቱ አገር ቤት ቀብድ ተቀብሎ ሐሳቡን የቀየረ ሻጭ እጥፉን መልሶ መገላገሉ ነው። እዚህ እጥፍ የሚባል ጣሪያ የለም። ለመውጣት የዕለቱን ዋጋ ትከፍላለህ።

ምልክት፦ ዋጋው ስትራይኩን በሰፊው አልፏል፣ ባለቤቱ ግን አክሲዮኑን መልቀቅ አይፈልግም

ከአስሩ ስልክ ስምንቱ ይሄ ነው። አንድ የማከብራቸው ጋሼ ለብዙ ዓመት ከሠሩበት መሥሪያ ቤት በደመወዝ ተቀናሽ የገዙት 300 አክሲዮን ነበራቸው። የደወሉልኝ ለቅሶ የደረሰባቸው በሚመስል ድምፅ ነው።

"ጋሼ፣ ስንት ነበር የገዙት?"

"ሃያ ሁለት ዶላር።"

"አሁን ስንት ላይ ሸጡት?"

"አልሸጥኩም እኮ ልጄ! ኮል ነው የሸጥኩት።"

ጥፋቱ እዚህች መልስ ውስጥ ነው። ኮል መሸጥ ማለት አክሲዮኑን በዚያ ዋጋ ለመሸጥ መስማማት ነው። እሳቸው የተስማሙት አክሲዮኑ 140 ዶላር እያለ ነው። 45 ቀን የቀረው፣ ስትራይኩ 145 የሆነ ሦስት ኮንትራት ሸጡ። በአክሲዮን 2.60፣ በድምሩ 780 ዶላር ኪሳቸው ገባ። ከዚያ ድርጅቱ የሩብ ዓመት ውጤቱን አወጣና ዋጋው በአንድ ጠዋት 163 ሆነ። ኮሉ ራሱ 19.20 ደረሰ።

"ይውሰዱት፣ መልሼ እገዛዋለሁ" አሉኝ። እስክሪብቶ አስያዝኳቸውና አብረን አሰላን። በ145 ሲወሰድ ፕሪሚየሙ ከሽያጩ ጋር ስለሚደመር በአክሲዮን 147.60 ይሆናል። የገዙበት 22 ሲቀነስ ትርፉ 125.60 ነው። በእሳቸው ገቢ የፌደራሉ የረጅም ጊዜ ትርፍ ታክስ 15 በመቶ ነው፣ ቨርጂኒያ ደግሞ እስከ 5.75 በመቶ ይወስዳል። በአክሲዮን 26 ዶላር ገደማ ለታክስ ይሄዳል ማለት ነው። የሚተርፋቸው 121.50 አካባቢ ነው። በ300 ሲባዛ ወደ 36,450 ዶላር። ያን ገንዘብ ይዘው በ163 ሊገዙ ገበያ ቢወጡ 223 አክሲዮን ያገኛሉ። 300 ይዘው ገብተው በ223 መውጣት! ይሄ ሁሉ ለ780 ዶላር።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለቀረ ጭማሪ ነው። ከ145 በላይ ያለው የእኔ አይደለም፣ ይሁን ይላል። ያረጀ አክሲዮን ላይ ግን ከቀረው ጭማሪ የባሰው ዓመታት ተኝቶ የነበረውን ታክስ መቀስቀሱ ነው። ጋሼ ደግሞ አክሲዮኑን ለልጆቻቸው ለመተው ነው ያሰቡት። በአሜሪካ ሕግ ወራሽ የሚቆጠርለት ሟቹ የገዛበት 22 ዶላር ሳይሆን በሞት ቀን የነበረው ዋጋ ነው። ዝም ብለው ቢይዙት ያ ታክስ ከነጭራሹ ላይኖር ይችል ነበር።

መፍትሄ፣ እሳቱ ከተነሳ በኋላ

መጀመሪያ አትደንግጥ፣ ቀንስ። ዋጋው 163፣ ስትራይኩ 145፣ ልዩነቱ 18። ኮሉ 19.20 ከሆነ 1.20 የጊዜ ዋጋ ቀርቶታል። ኮሉን የያዘው ሰው አሁን ቢያስፈጽም ያን 1.20 ይጥላል። ስለዚህ የጊዜ ዋጋ እስካለ ድረስ ቀድሞ መምጣቱ ብርቅ ነው። ይቺ ቁጥር ወደ ዜሮ ስትጠጋ ነው ሩጫው። ጋሼ የደወሉት ገና ሦስት ሳምንት ሲቀራቸው ስለነበር ዕድለኛ ናቸው። አርብ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል የሚደውልልኝን ግን ምን ላድርገው? ገበያው በአሥር ሰዓት ይዘጋል!

ሁለተኛ፣ ሮል ማድረግ። የድሮውን ኮል መልሰህ ትገዛለህ፣ በዚያው ትዕዛዝ ራቅ ያለና ስትራይኩ ከፍ ያለ ትሸጣለህ። ለጋሼ 145ቱን በ19.20 ገዝተን፣ አምስት ወር ከምናምን የቀረውን 150 በ20 ሸጥን። በአክሲዮን 80 ሳንቲም ተረፋቸው፣ ጣሪያቸውም በ5 ዶላር ከፍ አለ። ሁለቱን በአንድ ትዕዛዝ አድርገው። ብሮከርህ ስክሪን ላይ `Roll` የሚል አለ። ለየብቻ አደርጋለሁ ብሎ መሀል ላይ ዋጋ የሮጠበትን ሰው አውቃለሁ፣ እስከ ዛሬ ያማርራል። ዋጋውን ደግሞ ገደብ አድርገህ አስገባ። በገበያ ዋጋ ብለህ ከላክህ ሻጩ የጠራውን ትከፍላለህ።

ሮል ግን አስማት አይደለም። አክሲዮኑ ወደ 190 ከሄደ 150ም እዚያው ይታነቃል። እኔ ሁለት ደንብ አለኝ። ሮል ለማድረግ ተጨማሪ ገንዘብ ከኪስ አላወጣም። ከስድስት ወር በላይም አልገፋም። ሁለቱን ሳልጥስ ስትራይኩን ከፍ ማድረግ ካልቻልኩ ቁርጡን አውቄ ከፍዬ እወጣለሁ፣ ወይም ጥቂቱን አስረክባለሁ።

ሦስተኛው መንገድ ጥሬ ገንዘብ ላለው ነው። አዲስ አክሲዮን በገበያ ዋጋ ገዝተህ ለገዢው እሱን ታስረክባለህ፣ ያረጀው ቤቱ ይቀመጣል። እዚህ ላይ ጠንቀቅ! ብዙ ብሮከሮች ካልነገርካቸው `FIFO` ነው የሚሠሩት፣ መጀመሪያ የተገዛው መጀመሪያ ይወጣል። አዲስ ገዝቶ፣ ሳይናገር ቀርቶ፣ የ22 ዶላሩ የወጣበት ሰው አጋጥሞኛል። የቱ እንደሚወጣ የምትመርጠው የሽያጩ ሒሳብ ከመዘጋቱ በፊት ነው። ከግንቦት 2024 ወዲህ ደግሞ ያ አንድ የሥራ ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ቀድመህ ደውል፣ ምርጫህንም ጽፈው እንዲልኩልህ ጠይቅ።

መፍትሄ፣ እሳቱ ከመነሳቱ በፊት

ስትራይክ ሲመረጥ ሁሉም ዓይኑ ፕሪሚየሙ ላይ ነው። ትልቁን ያይና ይጫነዋል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ከታክስ በኋላ በስንት ብሸጠው አይቆጨኝም የሚለውን ነው። ከዚያ በታች ያለ ስትራይክ ለእኔ የለም። ቀጥሎ `Delta` የሚለውን አያለሁ። ዋጋው ስትራይኩን አልፎ የማብቃት ዕድሉን በግምት ይነግርሃል። የጋሼ 145 ላይ 0.36 ገደማ ነበር። ከሦስት አንድ በላይ ዕድል ማለት ነው፣ የማይሸጥ አክሲዮን ላይ! እኔ ላረጀ አክሲዮን ከ0.15 አላልፍም። ያኔ ቢሆን 155 አካባቢ ይሆን ነበር፣ ፕሪሚየሙም 70 ሳንቲም፣ በሦስት ኮንትራት 210 ዶላር።

"በቃ? ይቺው ናት?" ይሉኛል። ይቺው ናት። 780ና 210ን ስታወዳድር በመሃል ያለው 570 ዶላር ነፃ ገንዘብ አይደለም፣ አክሲዮንህ የመወሰድ ዕድል ዋጋ ነው።

155ም ቢሆን በ163 ያልፋል፣ እውነት ነው። ለዚህ ነው የሩብ ዓመት ውጤት በሚወጣበት ጊዜ ኮል ክፍት የማልተወው። ኤንቪዲያ ግንቦት 24 ቀን 2023 በ305 ዶላር ገደማ ዘጋ። ያን ማታ ውጤቱን ተናገረ፣ በማግስቱ በ380 ገደማ ዘጋ። በአንድ ቀን 24 በመቶ። እንዲህ ላለው ዝላይ የትኛውም 0.15 አይበቃም። ያ ሳምንት ፕሪሚየሙ የሚወፍረውም ገበያው ይህን ስለሚያውቅ ነው። ደግሞ ሁሉንም አትሸፍን። ሦስት መቶ ካለህ አንዱን መቶ ብቻ ሽጥ። ጋሼ አሁን እንደዚያ ነው የሚያደርጉት፣ በየወሩ 70 ዶላር እያገኙ ያጉረመርማሉ።

ምልክት፦ ፕሪሚየም እየገባ ሒሳቡ ግን ይወርዳል

አክሲዮኑ ከ140 ወደ 112 ወረደ። ሰውየው የለመደውን ፕሪሚየም ለማግኘት ስትራይኩን ተከትሎ ወደ 115 ወረደ። አክሲዮኑ ተመልሶ 135 ሲገባ እሱ 115 ላይ ታስሯል። ቁልቁለቱን ሙሉውን በልቶ፣ ከዳገቱ 3 ዶላር ብቻ። መፍትሄው ያኔ አለመሸጥ ነው። ቆይ። ባዶ ወር ቢያልፍ ምንም አይደለም።

ምልክት፦ ኮንትራቱ ሳያበቃ አክሲዮኑ ተወሰደ

ምክንያቱ ሁሌም ለማለት ይቻላል የትርፍ ድርሻ ነው። የድርሻው መብት ከሚቋረጥበት ቀን በፊት ባለው ቀን፣ የኮሉ የጊዜ ዋጋ ከድርሻው ካነሰ ገዢው ይመጣል። ድርሻው 90 ሳንቲም፣ የጊዜ ዋጋው 35 ሳንቲም ከሆነ ሂሳቡን እሱም ይችላል። አቋራጭ ላሳይህ። በዚያው ስትራይክና በዚያው ቀን የሚያበቃውን ፑት፣ ማለትም የመሸጥ መብት የሚሰጠውን ኦፕሽን፣ ዋጋ ተመልከት። ከድርሻው ከረከሰ በዚያው ዕለት መልሰህ ግዛ ወይም ሮል አድርግ። ነገ አትበል፣ ነገ ረፍዷል።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ፦ አርብ ዋጋው ስትራይኩ ላይ ተለጥፎ ቢዘጋ ገዢው ከመዝጊያው በኋላም ሊወስን ይችላል፣ ጥቂት ሳንቲም ከፍለህ ውጣ። ድርጅቱ ከሌላ ከተዋሃደ ኮንትራትህ መቶ አክሲዮን ላይሆን ይችላል፣ ሳትደውል አትንካው። አገር ቤት ባለኝ የባንክ አክሲዮን ላይ ይሠራል ወይ ብለው የሚጠይቁኝም አሉ። አይሠራም። በጥር 2025 የተከፈተው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ላይ ኦፕሽን አይሸጥም።