ከስዊድ እና ከኑባክ ጫማ ላይ የዘይት ምልክት እንዴት ይወጣል?

ድሬዳዋ ውስጥ ስዊድ ጫማ የሚያደርግ ሰው ከአቧራ ይልቅ መፍራት ያለበት ዘይትን ነው። አቧራው በደረቅ ብሩሽ ይራገፋል። ከፈጢራ ወይም ከሳምቡሳ የተንጠባጠበ አንድ ጠብታ ግን ጫማው ላይ ካረፈ በደቂቃዎች ውስጥ ጠቁሮ ይሰፋል። ብዙ ሰው ያን ጊዜ የሚያደርገው እርጥብ ጨርቅ አንስቶ መፈተግ ነው። ጫማውን የሚያበላሸውም አብዛኛውን ጊዜ ይህ ፍተጋ እንጂ ጠብታው አይደለም።

ምክንያቱን ለመረዳት ቆዳው እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ይበቃል። ስዊድ የሚዘጋጀው ከቆዳው የውስጥ ወገን ነው። ኑባክ ደግሞ የቆዳው የውጭ ገጽ በስሱ ተፍቆ የሚገኝ ስለሆነ ጸጉሩ አጭርና ለንክኪ ይበልጥ ስስ ነው። በሁለቱም ላይ፣ ተራ የሚወለወል ጫማ እንዳለው ያለ፣ ዘይቱን ውጭ የሚያስቀር ሽፋን የለም፤ ያለው ክፍት የቆመ ቀጭን ጸጉር ብቻ ነው። ዘይት በዚህ ጸጉር መካከል የሚገባው ጋዝ በኩራዝ ክር ውስጥ እንደሚወጣው ነው፤ ማንም ሳይገፋው ራሱ ይጓዛል። ስለዚህ ሥራችን ዘይቱን መፈተግ ሳይሆን፣ ከቆዳው ይልቅ የሚስበው ደረቅና ደቃቅ ነገር አጠገቡ አድርጎ ወደ ላይ እንዲመለስ መጋበዝ ነው። ፍተጋ ዘይቱን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ጸጉሩንም አስተኝቶ የሚያብለጨልጭ ቦታ ይተዋል። ዘይቱ ቢወጣ እንኳ ያ ብልጭታ በቀላሉ አይሄድም።

ከመጀመርዎ በፊት

ምልክቱ በእርግጥ ዘይት መሆኑን ያረጋግጡ። የውኃ ጠብታም ስዊድን ያጠቁራል፤ ነገር ግን በድሬዳዋ አየር ጥላ ውስጥ አንድ ሁለት ሰዓት ሲቆይ ደርቆ ይጠፋል፤ ቢበዛ ጠርዙ ላይ ስስ መስመር ይተዋል። ዘይት ግን አይደርቅም። በማግስቱም እንደጠቆረ ከሆነ ዘይት ነው።

ቅቤ ከሆነ የከተማው ሙቀት ልዩነት ያመጣል። ሐረር ደጋ በመሆኗ በቀዝቃዛ ሰዓት ጫማ ላይ የወደቀ ቅቤ ይረጋል፤ ያኔ በስልክ ካርድ ጠርዝ ከላይ ከላይ ማንሳት ይቻላል። ድሬዳዋ ላይ ቀን ቀን ቅቤው ፈሳሽ ስለሆነ እንደ ዘይት ቆጥረው ወዲያው ወደ ሥራው ይግቡ።

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ ነጭ ሶፍት፣ የሕፃናት ፓውደር ወይም የበቆሎ ስታርች፣ አዲስና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ ንጹሕ ነጭ ላጲስ፣ እና ጫማውን ከውስጥ የሚሞላ ነጭ ወረቀት። ጋዜጣ አይጠቀሙ፤ ቀለሙ ይለቃል። ፓውደር ከጠፋ በደንብ የተፈጨ ነጭ ጠመኔ ይተካዋል። የስንዴ ዱቄትን አልመክርም፤ ትንሽ እርጥበት ካገኘ ሊጥ ሆኖ ጸጉሩን ያጣብቀዋል።

ዘይቱን ወደ ላይ መሳብ

ጫማውን ከውስጥ በወረቀት ሞልተው ጠንካራ ያድርጉት። ከዚያ የታጠፈ ሶፍት ምልክቱ ላይ ያድርጉና በጣት ቀጥ ብለው ይጫኑ፤ ያንሱ፤ ንጹሑን ወገን አዙረው እንደገና ይጫኑ። ጣትዎ ወደ ጎን መንሸራተት የለበትም። ሶፍቱ ላይ የዘይት ነጠብጣብ መታየቱ ሲያቆም ይበቃል።

አሁን ፓውደሩ። መጀመሪያ ከምላሱ ሥር ወይም ከማይታይ ቦታ ላይ ጥቂት ነስንሰው ካራገፉ በኋላ ቀለሙ እንዳልተለወጠ ይዩ። ከዚያ ምልክቱን ከጠርዙ አንድ ጣት ያህል አልፎ እስኪሸፍን ድረስ በደንብ ይከምሩበት። ስስ ብናኝ ቶሎ ይጠግብና መሳቡን ያቆማል። ወደ ቆዳው አይጫኑት፣ አያሹት፤ በራሱ ይሠራል። ጫማውን በማይንቀሳቀስ ቦታ፣ ምልክቱ ወደ ላይ እንዲሆን አድርገው ሌሊቱን ይተዉት።

እዚህ ላይ የድሬዳዋ ሙቀት ይረዳል። ዘይት ሲሞቅ ስለሚቀጥን ወደ ፓውደሩ በቀላሉ ይወጣል። ሐረር ላይ ግን ሌሊቱ ቀዝቀዝ ስለሚል ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥና ረዘም ያለ ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል። ሙቀት ይረዳል ያሉ ሰዎች ጫማውን ፀሐይ ላይ ያወጣሉ፤ እባክዎ አያድርጉት። የድሬዳዋ ቀጥተኛ ፀሐይ ቀለሙን ያደበዝዛል፣ ቆዳውን ያደርቃል፣ የሶሉን ማጣበቂያ ያላላል። የምንፈልገው የክፍል ውስጥ ሙቀት ነው።

ጠዋት ጫማውን አዘንብለው ፓውደሩን ያራግፉ፣ ከዚያ በብሩሹ ቀስ ብለው ወደ አንድ አቅጣጫ ይጥረጉ። የተራገፈውን ፓውደር ሳያዩ አይጣሉት፤ ሥራው የት እንደደረሰ የሚነግርዎ እሱ ነው። ተጣብቆ እንክብል ከሠራ ወይም ቢጫ ከመሰለ ዘይት እየወጣ ነው፤ አዲስ ጨምረው ይድገሙ። እንደነሰነሱት ደረቅና ነጭ ሆኖ ከተራገፈ ፓውደር ሊያወጣ የሚችለውን አውጥቷል ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ መደጋገም ትርፍ የለውም። ጫማው ጥቁር ከሆነ በጸጉሩ መካከል የሚቀረውን ነጭ ብናኝ ስኮች ነካ ነካ በማድረግ ያንሱት።

የእህቴ ልጅ መምህርት ናት። በአንድ የረመዳን ምሽት ፈካ ያለ ቡናማ ስዊድ ጫማዋ ላይ ከሳምቡሳ ዘይት ተንጠባጠበባትና ደወለችልኝ።

«አጎቴ፣ በውኃ ልጠበው?»

«አይ የኔ ልጅ፣ ውኃ እንዳይነካው። በሶፍት ጫን ጫን አድርጊና ፓውደር ከምረሽበት ተኚ።»

ምልክቱ የአንድ ብር ሳንቲም ያህል ነበር። በመጀመሪያው ጠዋት ፓውደሩ ቢጫ ሆኖ ተጓጉሎ ተራገፈ፤ የምልክቱ መሐል ፈክቶ ጠርዙ ብቻ እንደ ቀለበት ቀረ። ሁለተኛው ሌሊት ቀለበቱን አደበዘዘው። በሦስተኛው ጠዋት ፓውደሩ ደረቅ ነበር። በክፍል ውስጥ ምንም አይታይም፤ ወደ በር ወጥታ በቀን ብርሃን ስታየው ግን ስስ ጥላ ቀርቷል። ለዚህ ጥላ ነው ቀጣዩ እርምጃ።

ፓውደር ያልጨረሰውን በአረፋ

ይህን እርምጃ የምወስደው ጥላው ዓይን የሚስብ ከሆነ ብቻ ነው፤ ውኃ ለስዊድ ሁልጊዜ ስጋት አለው። ኑባክ ላይ ደግሞ ሁለት ጊዜ አስባለሁ፤ ማይታይ ቦታ ላይ ሞክሬ እስኪደርቅ ሳልጠብቅ አልነካውም።

በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ሦስት አራት ጠብታ ቀለም የሌለው የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይጨምሩና አረፋ እስኪሠራ ይምቱት። የሚጠቀሙት አረፋውን ብቻ ነው። ኦሞ፣ በረኪና እና የገላ ሳሙና አይሆኑም። አረፋውን በለስላሳ ስፖንጅ አንስተው ምልክቱን ብቻ ሳይሆን፣ ምልክቱ ያለበትን ክፍል በሙሉ ከስፌት እስከ ስፌት ያርሱ። ምልክቱን ብቻ ቢያርሱ ውኃው የቆመበት ጠርዝ አዲስ ቀለበት ይሠራል፤ ስፌት ላይ ሲያቆም ግን መስመሩ ከስፌቱ ጋር ይዋሐዳል። ቆዳው ከላይ እርጥብ ይሁን እንጂ እንዳይዘፈቅ። ከዚያ በንጹሕ ውኃ ነክረው በደንብ በጨመቁት ጨርቅ ሳሙናውን ያንሱ፤ የቀረ ሳሙና ሲደርቅ ጸጉሩን ያደርቀዋል።

ወረቀቱን ለውጠው ጥላ ውስጥ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ያድርቁት። ፎን አይንፉበት። ሊደርቅ ሲል፣ ገና ትንሽ እርጥበት እንዳለው፣ በብሩሹ ጸጉሩን ያንሱት፤ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ከጠበቁ ድርቅ ብሎ ይቀራል። ተኝቶ ያብለጨለጨ ቦታ ካለ በላጲሱ ቀለል አድርገው አሹትና እንደገና ይጥረጉ። የሽቦ ብሩሽ ኑባክን ይቧጭረዋል።

የባጃጅ ግራሶ ሲሆን

የባጃጅ ግራሶ ከምግብ ዘይት የሚለየው ጥቁር ብናኝ ስላለው ነው። ፓውደር ዘይቱን ይስባል፤ ጥቁሩን ግን አይስብም። ስለዚህ መጀመሪያ ያበጠውን በካርድ ጠርዝ ከላይ ያንሱ፣ በፓውደር ዘይቱን ይሳቡ፣ ዘይቱ ከወጣ በኋላ ብቻ የቀረውን ጥቁር በላጲስ ይሞክሩ። ዘይቱ ሳይወጣ ላጲስ ከነካው ጥቁሩ ይሰፋል። በፈካ ጫማ ላይ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል ብዬ ቃል አልገባም።

ነጭ ጋዝ፣ ቤንዚን ወይም አሴቶን የሚመክሩ ሰዎች ይኖራሉ። እነዚህ ዘይትን በእርግጥ ያሟሟሉ፤ ያሟሙትን ግን ይዘውት ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ይበትኑታል፣ የቆዳውን ቀለም ያነሳሉ፣ የሶሉን ማጣበቂያ ይፈታሉ። እሳት አጠገብ ደግሞ አደጋ ናቸው። የምልክቱን ቦታ ትልቅና የደበዘዘ ክብ ካደረጉት በኋላ የሚመልሰው የለም።

ምልክቱ ወራት ካስቆጠረ ሌላ ጉዳይ ነው። የምግብ ዘይት ከአየርና ከሙቀት ጋር ሲቆይ እየወፈረ ይጣበቃል፤ ፓውደርም ሊስበው አይችልም። ለእንዲህ ያለ ጫማ ትክክለኛው መፍትሔ ሁለቱንም ጫማዎች ለስዊድ በተሠራ ቀለም ከምልክቱ በጠቆረ መልክ ማቅለም ነው።

ጫማው ንጹሕ ከሆነ በኋላ ለስዊድና ለኑባክ የተሠራ መከላከያ ስፕሬይ ማድረግ ይቻላል፤ ግን ሙሉ በሙሉ ከደረቀና ምልክቱ ከወጣ በኋላ ብቻ፣ ምክንያቱም የቀረውን ዘይት ለማውጣት ከዚያ በኋላ ይከብዳል። ከዚህ በኋላ ሊስትሮ ዘንድ ሲቀመጡ እግርዎን ከመዘርጋትዎ በፊት ይናገሩ፦ «ወንድሜ፣ ክሬምም ቀለምም አታስነካው፤ በደረቅ ብሩሽ ብቻ።» የሚወለወል ጫማ ክሬም በራሱ ቅባትና ሰም ነው፤ አንዴ ከተቀባ ጠቅላላው ጫማ አንድ ትልቅ የቅባት ምልክት ይሆናል።