የመጠይቅ መልስ ስትቆጥሩ ባዶውን ከአካፋዩ አውጡት

ሐዋሳ አሞራ ገደል ላይ 45 ዓሣ ገዢዎችን «በዋጋው ምን ያህል ረክተዋል?» ብላችሁ ጠየቃችሁ እንበል። 5ቱ ሳይመልሱ አለፉት። ስለዚህ መቶኛው የሚሰላው ለ45 ሳይሆን ለ40 ተካፍሎ ነው።

መልሱን በቃል አትጻፉት። አንዱ «ረክቻለሁ»፣ ሌላው «ረክቻለው» ብሎ ይጽፍና ኤክሴል ሁለት የተለያየ መልስ ያደርጋቸዋል (እኔን ግማሽ ቀን አስለፍቶኛል)። ከ1 «በጣም አልረካሁም» እስከ 5 «በጣም ረክቻለሁ» ኮድ ስጡት። በኮድ የተጻፉት መልሶች ከB2 እስከ B46፣ ከ1 እስከ 5 ያሉት ኮዶች ደግሞ ከD2 እስከ D6 ካሉ፣ E2፣ F2 እና G2 ላይ በቅደም ተከተል እነዚህን ጽፋችሁ እስከ 6ኛው ረድፍ ወደ ታች ጎትቱ፦

```
=COUNTIF($B$2:$B$46,D2)
=E2/SUM($E$2:$E$6)
=SUM($E$2:E2)/SUM($E$2:$E$6)
```

F እና Gን በመቶኛ አሳዩ። ቁጥሩ 4፣ 10፣ 14፣ 8፣ 4 ቢመጣ መቶኛው 10፣ 25፣ 35፣ 20፣ 10 ይሆናል፤ ድምሩ እየተጠራቀመ ሲሄድ ደግሞ 10፣ 35፣ 70፣ 90፣ 100። 70 ማለት ከመልስ ሰጪዎቹ 70 በመቶው 3 ወይም ከዚያ በታች መልሰዋል ማለት ነው። ለ45 ብታካፍሉ ኖሮ መጨረሻው 88.9 ላይ ይቆም ነበር፤ ስህተቱ የሚታወቀውም በዚሁ ነው።

ሰንጠረዡን ብዙ ከተመረጠው ወደ ትንሹ አትደርድሩት፣ 70 ትርጉሙን ያጣል። ለክፍለ ከተማ ዓይነት ደረጃ ለሌለው ጥያቄማ የተጠራቀመውን ዓምድ ጭራሽ ተዉት።