የግዕዝን ቁጥር በ0 መጻፍ፦ ባዶው ቤት የት ነው?

በዲማ ጊዮርጊስም ሆነ በመርጡለ ማርያም የብራና መጻሕፍት ላይ የሚገኙት የግዕዝ ቁጥሮች ዜሮ የላቸውም። ስሌት እስካልተሠራባቸው ድረስ አያስፈልጋቸውምም። ፭ አምስት ነው፤ ሃምሳ ለማለት ፶ የሚባል ሌላ ምልክት አለ። በ0 አጻጻፍ ግን ያው 5 እንደ ቆመበት ቤት አምስትም፣ ሃምሳም፣ አምስት መቶም ይሆናል። ለዚህ ነው ባዶ ቤት ምልክት የሚያሻው።

ከ10000 በታች ያለን ቁጥር ለመለወጥ መጀመሪያ ፻ን ይፈልጉ። ከፊቱ ያለው ስንት መቶ እንደሆነ ይነግራል፤ ከፊቱ ምንም ከሌለ አንድ መቶ ነው።

ዋናው ጥንቃቄ ከ፻ በኋላ ነው። እዚያ ሁልጊዜ ሁለት ቤት ይተዉ፦ የአስር ቤትና የአንድ ቤት። ፳፻፯ን እንውሰድ። ከ፻ በፊት 20 አለ። ከ፻ በኋላ ያለው ፯ ብቻ ስለሆነ የአስር ቤቱ ባዶ ነው፤ 07 ይጻፋል። ውጤቱ 2007 ነው። ባዶውን የዘለለ ሰው 207 ይጽፋል፤ ሺውን ወደ መቶ አወረደው ማለት ነው። ተቃራኒው ስህተት በልጆች ላይ ይበዛል፤ «ሁለት መቶ አምስት» ሲባሉ እንደሰሙት 200ን ጽፈው 5 ይጨምሩና 2005 ያደርጉታል። አነጋገራችን እንደ ፪፻፭ ነው፤ ባዶውን ቤት አይጠራም። ልጁን ከመቆጣት ሦስት ቤት ሠርቶ መስጠት ይሻላል፤ 2005 አይገባበትም።

አሁን ቀንሱበት። ከአዴት ከመጣ 305 ኪሎ ጤፍ 78 ኪሎ ተሸጠ እንበል። ከ5 ላይ 8 አይቀነስም፤ መበደር ያስፈልጋል፤ የአስር ቤቱ ግን 0 ነው። ስለዚህ ከመቶ ቤት ይጀምሩ፦ 3 ወደ 2 ይወርዳል፣ የአስር ቤቱ 10 ይሆናል። ከዚያ አንዱን ለአንድ ቤት ሲሰጥ 9 ይቀረዋል፣ 5ም 15 ይሆናል። 15 − 8 = 7፤ 9 − 7 = 2፤ በመቶ ቤት 2። መልሱ 227 ኪሎ ነው። 237 ከወጣ የአስር ቤቱ 10 ሆኖ ቀርቷል፣ ወደ 9 አልወረደም።

በ፫፻፭ ላይ ይህ አይሠራም፤ ብድሩን የሚቀበል ቦታ አልተጻፈም። የዜሮ አዲስነት እዚህ ላይ ነው። ባዶውን ቦታ በምልክት ማሳየት ባቢሎናውያንም ያውቁት ነበር። የህንዱ ብራህማጉፕታ ግን በ628 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዜሮን ራሱን ቁጥር አድርጎ የስሌት ደንብ ጻፈለት፦ ቁጥር ከራሱ ሲቀነስ ዜሮ ነው፤ ዜሮ ሲደመርበት አይለወጥም። ዜሮን ለዜሮ ማካፈል ዜሮ ይሰጣል ማለቱ ግን ዛሬ ተቀባይነት የለውም፤ ያ ስሌት ትርጉም አልባ ነው።