አርባው ሳይወጣ የሞት ምዝገባ እንዴት ይፈጸማል?

ሐዘን ላይ ያለ ሰው ስለ ወረቀት ሲነሳበት «አርባው ይውጣ» ይላል። እኛም አጎቴ ሲያርፍ እንደዚያ ብለን ነበር። የሞት ምዝገባ የሚፈጸመው ግን በ30 ቀን ውስጥ ነው። አርባውን ከጠበቃችሁ ቀኑ አልፏል፤ ጉዳያችሁም የዘገየ ምዝገባ ይሆናል።

መጀመሪያ የት እንደሚመዘገብ እንይ። አጎቴ የዘጌ ሰው ነው። ታሞ በጀልባ ባሕር ዳር አምጥተነው፣ ሆስፒታል ውስጥ ነው ያረፈው። ልጁ ባሕር ዳር ስለሚኖር እዚያው ሰፈሩ ወዳለው ቀበሌ ሄደ። አልሆነም። ሞት የሚመዘገበው ሟቹ በመደበኛነት ይኖርበት በነበረው ቀበሌ ነው፤ ስለዚህ ዘጌ ተመለሰ። የሚያስመዘግበው በቅድሚያ አብሮት ይኖር የነበረ ሰው ነው። እሱ ከሌለ ዘመድ፣ ዘመድም ከሌለ ጎረቤት ያስመዘግባል።

ይዛችሁ የምትሄዱት ሆስፒታሉ የሰጣችሁን የሞት ማሳወቂያ፣ የሟቹን መታወቂያና የራሳችሁን መታወቂያ ነው። የሟቹን መታወቂያ ቀድማችሁ ኮፒ አድርጉት፤ ዋናውን ቀበሌው ሊያስቀረው ይችላል። ሰዎች የሚሳሳቱት የሆስፒታሉን ወረቀት እንደ ምስክር ወረቀት ሲቆጥሩት ነው። ባንክም ፍርድ ቤትም የሚፈልገው በክብር መዝገብ ከተመዘገበ በኋላ የሚሰጠውን የሞት ምስክር ወረቀት ነው።

ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ አንድ ነገር አለ፦ ከመፈረማችሁ በፊት ስሙን ፊደል በፊደል አንብቡ። የባንክ ደብተሩንም ይዛችሁ ሂዱና አስተያዩት። የአጎቴ ደብተር «ገ/መድኅን» ይላል፤ መታወቂያው ላይ «ገብረመድህን» ተብሎ ተጽፏል። ለእኛ አንድ ሰው ነው። ለባንኩ ሠራተኛ ግን ሁለት ሰው ሊሆንበት ይችላል። መዝገቡ ከተፈረመ በኋላ ማስተካከል ሌላ ማመልከቻና ሌላ ማስረጃ ይጠይቃል። ሰፈር የሚጠራበትንም ስም እንዳታስጽፉ።

ምስክር ወረቀቱ ብቻውን ገንዘብ አያስወጣም። የሚያረጋግጠው መሞቱን እንጂ ማን እንደሚወርስ አይደለም። ስለዚህ እሱን ይዛችሁ ሟቹ በኖረበት አካባቢ ባለው ፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ትጠይቃላችሁ። ዝምድናችሁን በሰነድና በምስክር ታስረዳላችሁ። ሚስት በሕግ ወራሽ ባትሆንም ከጋራ ንብረቱ ግማሹ የራሷ ነው፤ ልጆች የሚካፈሉት ከቀሪው ግማሽ ነው። የአጎቴ ልጆች ይህን ሳያውቁ ደብተሩን በሙሉ ለመከፋፈል ተነስተው ነበር። እናታቸው ዝም ብላ ስታያቸው አሁንም ዓይኔ ላይ አለ።

በመጨረሻ ወራሾቹ መታወቂያቸውን፣ ምስክር ወረቀቱንና የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ይዘው ባንክ ይሄዳሉ። መምጣት ያልቻለው ለሌላው ውክልና ይሰጣል። ሟቹ በሕይወት ሳለ ለአንዳችሁ የሰጠው ውክልና ግን ከእሱ ጋር ቀርቷል። በዚያ ውክልናም ሆነ በሟቹ ኤቲኤም ካርድ ገንዘብ አታውጡ። ሌሎቹ ወራሾች ሊከሷችሁ ይችላሉ።