«ማፍረስ የለበትም» በቻይንኛ ምን ይባላል? የውል ትርጉም ችግርና መፍትሄ

አንድ የመጋዘን ኪራይ ውል ከአማርኛ ወደ ቻይንኛ (በዋናው ምድር ቀለል ባለው ፊደል) ልንመልስ ነው እንበል። ተከራዩ የቻይና ኩባንያ፣ አከራዩ አገር ቤት ያለ ባለንብረት ነው። ሦስት አንቀጾችን እንያዝ።

ተከራይ በየወሩ እስከ 5ኛው ቀን ድረስ ኪራይ ይከፍላል። ተከራይ ያለ አከራይ የጽሑፍ ፈቃድ መጋዘኑን ለሌላ ማከራየት አይችልም። ተከራይ ውሉ ሲያበቃ የሠራውን መደርደሪያ ማፍረስ የለበትም።

ምልክት፦ ግዴታው እንደ ዜና ይነበባል

ትርጉሙ 承租人将于每月5日前支付租金 ብሎ ከመጣ፣ ቻይናዊው አንባቢ «ወደፊት ይከፍላል» የሚል ዕቅድ እንጂ ትእዛዝ ላያይ ይችላል። ምክንያቱ የአማርኛ ውል ጸሐፊ ግዴታን በተራ ግሥ፣ «ይከፍላል» ብሎ፣ መጻፉ ነው። እኛ ስናነበው ግዴታ መሆኑ ይገባናል። ተርጓሚው ግን የግሡን ጊዜ ብቻ አይቶ 将 (ጂያንግ) ጨመረ። ከእንግሊዝኛ የሚተረጉሙም «ሻል»ን በዚሁ መንገድ ይስቱታል።

መፍትሄው ግዴታን የሚያመለክተው 应当 (ዪንግዳንግ) ወይም አጠር ብሎ 应 ነው፦

```
承租人应当于每月5日前(含5日)支付租金。
```

በቅንፍ ያለው «5ኛው ቀንም ይካተታል» ይላል፤ የአንድ ቀን ጭቅጭቅ ያስቀራል። 应该 (ዪንግጋይ) ግን ለውል አይሆንም፤ በንግግር ምክርም ግምትም ነውና። «የግድ» የሚለው 必须 ጠንከር ያለ ቢመስልም፣ የቻይና ሕግ አውጪ አካል በ2009 ባወጣው የአረቃቀቅ መመሪያ ከ应当 ጋር የፍሬ ነገር ልዩነት እንደሌለው ገልጿል። አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው መጠቀም ይሻላል፤ ሁለቱ ከተቀላቀሉ አንባቢ የሌለ ልዩነት ይፈልጋል።

ምልክት፦ ክልከላው ለስላሳ ሆኗል

«ማከራየት አይችልም» 不能转租 ሲባል ክልከላ ነው ወይስ አቅም ማጣት? 不能 (ቡነንግ) ሁለቱንም ይሸከማል፤ የእኛም «አይችልም» እንዲሁ። ያው የ2009 መመሪያ በሕግ ጽሑፍ 不能 እና «አይገባም» የሚለው 不应 እንዳይገቡና በምትካቸው የክልከላ ቃላት የሆኑት 不得 (ቡደ) ወይም 禁止 እንዲሆን ይላል። ባለጉዳዩ በተጠቀሰበት አረፍተ ነገር የሚስማማው 不得 ነው፦

```
未经出租人书面同意,承租人不得转租。
```

ከዚህ የከፋው ስህተት 可以不转租 ነው። ከእንግሊዝኛው «ሜይ ኖት» ቃል በቃል ሲገለበጥ የሚወጣ ሲሆን፣ ትርጉሙ «አለማከራየት ይችላል» ነው። ክልከላው ፈቃድ ሆነ ማለት ነው! አሉታው 不 ከ可以 ኋላ ሲገባ የሚሽረው ድርጊቱን እንጂ ፈቃዱን አይደለም።

ምልክት፦ ሁለት ሰው ያነበበው አንድ አንቀጽ ሁለት ውል ሆነ

እውነተኛው ራስ ምታት «ማፍረስ የለበትም» ላይ ነው። ተከራዩ መደርደሪያውን እንዳያፈርስ ተከልክሏል? ወይስ ማፍረስ ግዴታው አይደለምና ትቶት መውጣት ይችላል? አማርኛው ሁለቱንም ይፈቅዳል፤ ቻይንኛው ግን አንዱን እንድንመርጥ ያስገድዳል።

እዚህ መዝገበ ቃላት አይረዳም። ረቂቁን ለጻፈው ሰው ሁለት ጥያቄ ማንሳት ይበቃል፦ «ተከራዩ ቢያፈርሰው ካሳ ይከፍላል? ሳያፈርስ ቢወጣስ?» ለመጀመሪያው «አዎ» ከተባለ ክልከላ ነው፤ ለሁለቱም «አይ» ከተባለ ምርጫው የተከራዩ ነው። ለሁለተኛው ብቻ «አዎ» ከመጣ ግን የታሰበው የማፍረስ ግዴታ ነበርና አማርኛው ራሱ ይታረም።

```
承租人不得拆除货架。
承租人可以拆除货架,但无义务拆除。
```

የመጀመሪያው «ማፍረስ ክልክል ነው»፣ ሁለተኛው «ማፍረስ ይችላል፤ ግዴታ ግን የለበትም» ይላል። 无义务 (ዉ ዪዉ) የግዴታን አለመኖር በግልጽ ይናገራል። እዚህ 不应 የሚጽፍ ተርጓሚ ነጻነትን ወደ ክልከላ ይለውጣል። መልሱ እንደመጣ አማርኛውም «ግዴታ የለበትም» ወይም «ማፍረስ የተከለከለ ነው» ተብሎ ቢታረም ይሻላል። ውሉ በቻይና ሕግ የሚዳኝ ከሆነና ሁለቱ ቅጂዎች እኩል ኃይል አላቸው ከተባለ፣ ከ2021 ጀምሮ የሚሠራው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 466 በሁለቱ ቋንቋ ያሉ ቃላት አንድ ትርጉም እንዳላቸው ይገምታል። ልዩነት ከተገኘ ግን ወደ ተያያዥ አንቀጾች፣ ወደ ውሉ ዓላማና ወደ ቅን ልቦና ይኬዳል። አሻሚው አማርኛ ሳይነካ ከቀረ፣ ቻይንኛውን ማጥራት ክርክሩን ብቻውን አያስቀርም።

ከመላክ በፊት

በቻይንኛው ፋይል 将፣ 不能፣ 不应 እና 可以不 የሚሉትን አንድ በአንድ ፈልጉ፤ እያንዳንዱ የተገኘበትን መስመር ከአማርኛው ጋር አስተያዩ። በጅምላ መተካት ግን አይሞከርም። 不得 የሚለው ፍለጋ 不得不ንም ይዞ ይመጣል፤ እሱ ደግሞ «ከማድረግ ሌላ አማራጭ የለውም» ማለት ነው።