የምን ግማሽ? በትርፍ ሥራ ዕዳ ሲከፈል የማያቸው ስህተቶች

መሥሪያ ቤታችን ባለው የብድርና ቁጠባ ማህበር ገንዘብ ያዥ ሆኜ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። በእነዚህ ዓመታት ዕዳ ለመክፈል ብሎ ማታ ማታ ሽቀላ የጀመረ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ሰነፍ የሚባል አልነበረም። የሚሳሳቱት ሥራው ላይ ሳይሆን ብሩን ሲከፋፍሉ ነው።

ካልተጣራ ገቢ ላይ መካፈል

ይህን ስህተት ስንቴ እንዳየሁት መቁጠር አቁሜያለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት ባልደረባዬ ቢሮዬ መጥቶ ሌላ ብድር ጠየቀኝ። ለጓደኛው 80,000 ብር ዕዳ አለበት። ከሥራ ሲወጣ በአባቱ ቪትዝ ሜትር ታክሲ ይሠራል፤ በሳምንት አምስት ማታ። «ጋሼ፣ ከማገኘው ግማሹን ለዕዳ፣ ግማሹን ለራሴ ነው የማደርገው። ግን ደሞዜም አልበቃኝ አለ» አለኝ።

የምን ግማሽ? ስለው ግራ ገባው።

የቀን መቁጠሪያ ገልብጠን ጀርባው ላይ ጻፍነው። በደህና ሳምንት ከተሳፋሪ የሚሰበስበው 9,000 ብር ነው። ቤንዚን 3,250 ይበላል። ደንበኛ የሚያገናኘው ድርጅት 900 ይቆርጣል። ለሻይ፣ ለሳምቡሳና ለኢንተርኔት ጥቅል 450 ይወጣል። የቀረው 4,400 ነው። ከዚህ ላይ ደግሞ ለዘይት፣ ለጎማ፣ ለፍሬን ሸራ፣ ለቦሎና ለኢንሹራንስ በሳምንት 700 ብር መቀመጥ አለበት፤ እነዚህ በየሳምንቱ ባይመጡም መምጣታቸው አይቀርምና። በእጁ የሚቀረው እውነተኛ ገንዘብ 3,700 ብር ነበር።

እሱ ግን «ግማሹን» ብሎ በየሳምንቱ ለጓደኛው የሚልከው 4,500 ነው። ከሙሉ ትርፉ በላይ ማለት ነው! «ለራሴ» ያለው ሌላው ግማሽ ደግሞ በቤንዚንና በኮሚሽን አልቋል፤ የጎደለውን በደሞዙ ይሞላል። መኪናው ፍሬን ሲያስቀይር ደሞዙም አልበቃ አለና እኔ ዘንድ መጣ። አንዱን ዕዳ ለመክፈል ሌላ ዕዳ።

ስለዚህ መጀመሪያ ወጪውን ቀንሱ፣ ከዚያ ተካፈሉ። ስታስጠኑ ከሆነ የታክሲውን አውጡ። ኬክ ጋግራችሁ የምትሸጡ ከሆነ ዱቄቱን፣ እንቁላሉን፣ ካርቶኑንና የመብራቱን አውጡ። መጠኑን ካላወቃችሁ ምንም ሳትወስኑ አራት ሳምንት ብቻ ጻፉ። ደብተር አያስፈልግም፤ ስልካችሁ ይበቃል።

ሁሉንም ለዕዳ መስጠት

ይህኛው የራሴ ጥፋት ነው። ወጣት ሳለሁ ለእናቴ ሕክምና የተበደርኩትን ለመክፈል ማታ ማታ የሰው ልጆች አስጠና ነበር። አንዲት ሳንቲም ሳላስቀር ሁሉንም ለአበዳሪዬ ሰጠሁ። ወኔዬ አራት ወር ቆየ። በአራተኛው ወር ጫማዬ ተቀደደ፤ የሰፈር ሱቅ ዱቤዬ ከፍ አለ፤ ተማሪዎቼም ለእረፍት አገር ቤት ሄዱ። መልሼ ተበደርኩ፤ ያውም ከዚያው ሰውዬ። ፊቱን አሁንም አልረሳውም።

ለባልደረባዬ ያወጣሁለት ድርሻ እንዲህ ነበር። ከ3,700ው ስልሳ በመቶ፣ 2,220 ብር፣ ለዕዳ። ሃያ አምስት በመቶ፣ 925 ብር፣ ለድንገተኛ። አሥራ አምስት በመቶ፣ 555 ብር፣ ለራሱ፤ ምን አደረግክበት ብዬ አልጠይቀውም። የድንገተኛው 15,000 ብር ሲሞላ ይቆምና ያ 925 ብርም ወደ ዕዳው ይዞራል። የሚሞላው በአሥራ ሰባት ሳምንት ነው። ከዚያ በኋላ በሳምንት 3,145 ብር ለዕዳ ይሄዳል። ሳምንቶቹ ሁሉ ደህና ቢሆኑ 80,000ው በሠላሳ አንድ ሳምንት ያልቃል፤ ሰባት ወር አለፍ ሲል ማለት ነው።

ስልሳው ሕግ አይደለም። ደሞዙ የቤት ኪራይና አስቤዛ ስለሚሸፍንለት ነው ስልሳ ያልኩት። ከሽቀላው ላይ የልጅ ትምህርት ቤት የሚከፍል ሰው አርባም ቢያደርግ አልቆጣውም። ሰባና ሰማንያ የሚለኝን ግን ድንገተኛ ስንት አስቀምጠሃል ብዬ እጠይቀዋለሁ።

ለአበዳሪ ቁርጥ ያለ ትልቅ ብር ቃል መግባት

ደህና ሳምንት አይታችሁ ቃል አትግቡ። በፋሲካ ሰሞን ሁሉም ይሯሯጣል፤ ሹፌሩም ይጠግባል። ክረምት ላይ ደግሞ መንገዱ ይዘጋል፣ መኪና ይበላሻል፣ ሰውየውም ይታመማል። ቃል የሚገባው በመጥፎው ሳምንት ልክ ነው። ባልደረባዬ በጣም መጥፎ በነበረው ሳምንት የተጣራው 1,600 ብር ብቻ ነበር። ስለዚህ ለጓደኛው «ቢያንስ በሳምንት 900 እልካለሁ፤ ሲሻለኝ እጨምራለሁ» አለው። ጓደኛው መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር። ከ900 በላይ መምጣት ሲጀምር ቅሬታው ጠፋ።

እስከ ወር መጨረሻ ማቆየት

ሽቀላ በየማታው በትንሽ በትንሹ ይገባል፤ በትንሽ በትንሹም ያልቃል። ባልደረባዬ እሁድ ማታ ተቀምጦ የሳምንቱን አስልቶ እዚያው ስልኩ ላይ ይልካል። ደሞዝ ከሚገባበት ሂሳብ የተለየ ሂሳብ መክፈትም ይረዳል።

ትርፍ የከፈሉት የት እንደገባ አለመጠየቅ

ይህ ከተቋም ለተበደራችሁ ነው። አንዲት አባላችን ወንበሬ አጠገብ ቆማ፣ ስምንት ወር ሙሉ ከወርሃዊ ክፍያዋ በላይ ስታስገባ እንደቆየች ነገረችኝ። መዝገቡን ከፈትኩ። ትርፉ በሙሉ የገባው ቁጠባዋ ውስጥ ነው። ዕዳዋ ንቅንቅ አላለም፤ ወለዱም እንደነበረ ይቆጠራል። የእኛው ጥፋት ነበር፤ እሷ ግን ደረሰኙን አንድ ጊዜ ብታነብ ታየው ነበር። ስትከፍሉ «ትርፉ ከዋናው ብድር ይቀነስ» ብላችሁ ጻፉ፤ ደረሰኙ ላይም እዩት።

ከዚያ በፊት ግን ወለዱ በምን ላይ እንደሚታሰብ ጠይቁ። በቀሪው ዕዳ ላይ ከሆነ ቶሎ መክፈል ወለድ ይቀንስላችኋል። መጀመሪያ በወሰዳችሁት ጠቅላላ ብድር ላይ ከሆነና ውሉ ቀድሞ ለከፈለ ምንም የማይቀንስ ከሆነ፣ መቸኮሉ ሳንቲም አያተርፍላችሁም። እንደዚያ ከሆነ ወርሃዊውን በወቅቱ ክፈሉና የሽቀላውን ትርፍ ወለድ ለማይጠይቃችሁ ለዘመድ ወይም ለጓደኛ ስጡ። ወለድ ባይጠይቁም ሠርግ ላይ ስትገናኙ የምታፍሩት እነሱን ነው።

ዕዳ ለመክፈል ብሎ ዕቁብ መግባት

መጀመሪያ ላይ ዕጣ ከወጣላችሁ አበዳሪያችሁን ቀየራችሁ እንጂ ዕዳው አለ። እንዲያውም የዕቁብ ዳኛ እንደ ጓደኛ አይታገስም።

ለትርፍ ሥራው ራሱ መበደር

ሁለት ወር እንኳ ሳትሞክሩት ሞተር ሳይክል በብድር አትግዙ። በኪራይ ወይም በዘመድ ዕቃ ጀምሩ።

ያ ባልደረባዬ በሠላሳ አንደኛው ሳምንት አልጨረሰም። ክረምት ላይ ጊርቦክስ ተበላሽቶ ሦስት ሳምንት ቆመ። ጥገናውን ከድንገተኛው ላይ አውጥቶ ከፈለ። ለጓደኛው 900 ብር መላኩንም በእነዚያ ሦስት ሳምንታት አላቋረጠም። እኔ ዘንድ ለብድር አልመጣም። የመጣው በጥቅምት ነው፤ በ555ቱ የገዛውን ጫማ ሊያሳየኝ።