ወገብ የሚያሳምም ፍራሽ በወፍጮ ቤት ሚዛን ሲፈተሽ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የገባ ሰሞን ጋሼ አዲስ የስፖንጅ ፍራሽ ገዛ። ሜትር ከሃምሳ ነው፣ ውፍረቱ 20 ሴንቲ ሜትር። ሻጩ "ኦርጂናል ነው፣ ለወገብ የተሠራ" ብሎታል። ስምንት ወር ሳይሞላው ጋሼ ጠዋት ጠዋት ወገቡን ይዞ መነሳት ጀመረ።

ጥፋቱ በእርግጥ የፍራሹ ነው?

ስትነሱ አሟችሁ ቁርስ እስክትበሉ የሚለቃችሁ ከሆነ፣ ዘመድ ቤት ስታድሩ ደግሞ የማይሰማችሁ ከሆነ፣ ፍራሹን ጠርጥሩ። ሕመሙ ወደ እግር ከወረደና ካደነዘዘ፣ ወይም ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካለበት ግን ነገሩ ሌላ ነው። የአከርካሪ ቲቢ እንዲህ ሊጀምር ይችላልና ሐኪም ጋ ሂዱ። ሽንት አልቆጣጠር ካለ ወይም ጭንና ጭን መሃል ከደነዘዘ ለነገ አትበሉ።

ምልክት፦ መሃሉ ረግቧል፣ ወገብ ይሰምጣል

መንስኤው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ የአልጋው ርብራብ፣ ወይ ስፖንጁ። ለመለየት ምንጣፍ አንጥፋችሁ ፍራሹን ለሦስት ሌሊት መሬት ላይ አድርጉት። ሕመሙ ከቀነሰ ጥፋቱ የርብራቡ ነው። አናጺ ጠርታችሁ ጣውላ ማስጨመር ፍራሽ ከመግዛት ይረክሳል። ጋሼ መሬት ላይም ተኝቶ አመመው። ስለዚህ ስፖንጁን መመዘን ነበረብን።

ዴንሲቲ የሚባለው አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ነው። ብዙ ሰው ከጥንካሬ ጋር ያምታታዋል። ለስላሳ ሆኖ ዴንሲቲው ከፍ ያለ አለ፤ ሱቅ ውስጥ ድርቅ ብሎ በዓመቱ የሚሟሽሽም አለ። ዴንሲቲ የሚነግራችሁ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ነው።

ፍራሹን ጠቅልለን በገመድ አስረን ሰፈር ያለ ወፍጮ ቤት ወሰድነው። ጤፍ ሊያስፈጩ የመጡት እናቶች ሳቁብን። ሚዛኑ 9.5 ኪሎ አለ። ለጨርቁ አንድ ኪሎ ቀነስን፣ 8.5 ቀረ። የፍራሹ መጠን 1.5 በ1.9 በ0.2 ሲባዛ 0.57 ሜትር ኩብ ነው። 8.5ን ለ0.57 ስናካፍል 15 ገደማ ወጣ። ጋሼ 85 ኪሎ ነው። በየቀኑ ለሚተኛበት ሰው ወደ 30 የሚጠጋ ይሻላል። ያ ማለት በዚያው ስፋት ስፖንጁ ብቻ 17 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 15 ለእንግዳ ማሳደሪያ ካልሆነ አይሆንም፣ መፍትሄውም መቀየር ነው።

አንድ ጥንቃቄ። ሚዛን እንዲያነሳ ዱቄት የተቀላቀለበት ስፖንጅ አለ። ዚፑን ከፍታችሁ ጥጉን ቆንጠጥ አድርጉ። በቀላሉ ከተቆረሰና ጣታችሁ ላይ ነጭ ዱቄት ከቀረ ተዉት።

ምልክት፦ ትከሻና ዳሌም ያማል

እዚህ ላይ ተቃራኒው ነው፤ ፍራሹ በዝቶ ደርቋል። ብዙ ጊዜ ከቁርጥራጭ ስፖንጅ ተጨምቆ የተሠራው ነው፤ ዚፑ ሲከፈት ዥንጉርጉር ሆኖ ይታያል። ይሄኛው በሚዛን ከባድ ስለሆነ ሰው ይሸወዳል። "ወገብ ላመመው ጠንካራ ነገር" የሚለው የቆየ ምክርም ያግዘዋል። በ2003 እ.ኤ.አ. በስፔን 313 የወገብ ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ግን መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ከጠንካራው የተሻለ እንደሆነ አሳይቷል።

በጀርባ ተኝታችሁ እጃችሁን በወገባችሁ ሥር አሳልፉ። ያለ ምንም ነገር ሾልኮ ከሄደ ፍራሹ ደርቋል፤ ጨርሶ አልገባ ካለ ሰምጣችኋል። ለደረቀው 5 ሴንቲ ሜትር ለስላሳ ስፖንጅ ከላይ መደረብ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል።

ምልክት፦ አጠገባችሁ ያለው ሰው ሲገላበጥ ትነቃላችሁ

ስፕሪንግ ፍራሽ ነው፣ ስፕሪንጎቹም በሽቦ እርስ በርስ ተያይዘዋል። አንዱ ሲጫን ጎረቤቱን ይስባል። እያንዳንዱ ስፕሪንግ ለብቻው በጨርቅ ከረጢት የተሰፋበት አለ፤ ዋጋው ወደድ ይላል፣ ለጥንዶች ግን ያዋጣል። ከላዩ ያለው ስፖንጅ ቀጭን ከሆነ ግን በሁለቱም ዓይነት ቀድሞ የሚረግበው እሱ ነው።

ስለ ብራንድ ሲጠይቁኝ መልሴ አጭር ነው። አንድ ፋብሪካ ርካሹንም ውዱንም ደረጃ ሊያመርት ይችላል፣ የታወቀ ሽፋን ደግሞ ማንም ሊያሰፋ ይችላል። ስለዚህ ዴንሲቲውና ዋስትናው ደረሰኙ ላይ በጽሑፍ ይስፈሩ። "አይጻፍም" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ቀጣዩ ሱቅ ግቡ።

ጋሼ ሦስተኛው ሱቅ ላይ የሚጽፍለት አገኘ። አዲሱን ቀጥታ ወፍጮ ቤት ወሰድነው፤ ከነጨርቁ 17.8 ኪሎ ሆነ። አሮጌውን ቆራርጦ የሳሎን መከዳ አድርጎታል።